ኮላፕስ ወይስ ብዙ ዓለማት፦ አንድ ፎቶን፣ ሁለት መስታወትና ሃያ ሁለት መልሶች

ስለ ኳንተም ፊዚክስ የሚከራከረውን የመድረክ ክር የከፈተው ሚዛን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ነው። በዚህ ርዕስ እንደሚለመደው ሕያውም ሙትም ናት ከምትባለው ከሽሮዲንገር ድመት አልጀመረም፤ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ከሚችል ዕቃ ጀመረ። አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ይላካል። መንገዱ ላይ ግማሹን ብርሃን አሳልፎ ግማሹን የሚመልስ መስታወት ተተክሏል። ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት ዲቴክተሮች አሉ፤ አንዱ ያለፈውን ሌላው የተመለሰውን ይጠብቃል። በአንድ ፎቶን የሚጮኸው ሁልጊዜ አንዱ ብቻ ነው። የኮላፕስ ወገን አንዱ ሲጮህ የሌላው ዕድል እዚያው አበቃለት ይላል። የብዙ ዓለማት ወገን ደግሞ ሁለቱም ውጤቶች አሉ፣ እኛ የምናየው ግን የቆምንበትን ቅርንጫፍ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱም ግማሽ በግማሽ ይተነብያሉ፤ አሥር ሺህ ጊዜ ቢደገም ቁጥሩ አይለያቸውም። የሚዛን ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ምን ቢጨመር ነው ትንበያቸው የሚለያየው? የትኛው ያምራል፣ የትኛው ይከብዳል የሚለው ሙግት እንዳይጀመርም ለመነ። ልመናው አምስት መልስ ያህል ተከበረ።

1ኛውን መልስ የሰጠው ቀለም ነው፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያውቅ ሰው እሱ ይመስለኛል። በአክብሮት አመስግኖ አንድ ነገር አረመ፦ በአንድ መስታወት ብቻ ምንም ኳንተም የሆነ ነገር አይታይም፤ ሳንቲም እየጣለ መንገድ የሚመርጥ ተራ ጠጠርም ይህንኑ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱን መንገዶች በሌሎች መስታወቶች አዙረን ሁለተኛ ግማሽ መስታወት ላይ እናገናኛቸው አለ። ርዝመታቸው በትክክል ከተስተካከለ ፎቶኖቹ በሙሉ በአንዱ መውጫ ይወጣሉ፣ ሌላው መውጫ ጨለማ ይሆናል። ፎቶኑ መጀመሪያው መስታወት ላይ መንገዱን ለይቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መውጫዎች እኩል በተካፈሉ ነበር። መስታወት ልኬት አይደለም፤ በዚህ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። የቀረው ጥያቄ ልኬቱ የት ላይ ነው የሚሆነው የሚለው ነው።

በ2ኛው መልስ የጣና ልጅ የሚባል ጸሐፊ ዘሎ ገባ። ፎቶኑ በሁለቱም መንገድ ከሄደ ብዙ ዓለማት ተረጋገጠ ማለት ነው አለ። ግማሽ እውነት ነው። በሁለቱም መንገድ የሚሄደው ሞገድ መኖሩን የኮላፕስ ወገንም አይክድም፤ የሚለው ከልኬት በኋላ አንዱ ይቀራል ነው። 3ኛው መልስ፣ አሁንም ከቀለም፣ ይህንን በአንድ ተጨማሪ ዕቃ አሳየ። በአንደኛው መንገድ ላይ የፎቶኑን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ፣ በ90 ዲግሪ የሚያዞር ስስ ክሪስታል ይቀመጥ። አሁን ፎቶኑ በየት እንደመጣ ፖላራይዜሽኑ ላይ ተጽፏል። ማንም አላየም፣ ምንም ዲቴክተር አልጮኸም፤ ሆኖም ጨለማ የነበረው መውጫ በርቶ ሁለቱ መውጫዎች እኩል ይካፈላሉ። ቀጥሎ ከመውጫዎቹ ፊት በ45 ዲግሪ ያጋደለ የፖላራይዘር ማጣሪያ ይደረግ። ግማሾቹ ፎቶኖች ይጠፋሉ፤ የተረፉት ግን እንደገና በአንዱ መውጫ ብቻ ይወጣሉ። ማጣሪያው ወደ ሌላው 45 ዲግሪ ቢዞር ሌላው መውጫ ይበራል። የተጻፈው ተፋቀ ማለት ነው። እዚህም ድረስ የሁለቱ ወገኖች ሂሳብ አንድ ነው።

4ኛው መልስ ሌንስ ከሚባል፣ የራሱን ጉዳይ ይዞ ከመጣ ጸሐፊ ነው። ፊዚክስ ያስተምራል፤ 1 ሚሊዋት ቀይ ሌዘር በጥቁር ማጣሪያ አደብዝዞ ይህንን በአንድ አንድ ፎቶን ለተማሪዎቹ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ከክሩ ጥያቄ ትንሽ ይርቃል፤ ለእኔ ግን 5ኛው መልስ ከክሩ ምርጦች አንዱ ሆነ። እንዲህ ያለው ሌዘር በሰከንድ 3×10¹⁵ ያህል ፎቶን ይተፋል። ብርሃን 1 ሜትር ለመሄድ 3.3 ናኖሰከንድ ይበቃዋል፤ ስለዚህ የ1 ሜትር መንገድ ውስጥ በማንኛውም ቅጽበት አሥር ሚሊዮን ገደማ ፎቶን አለ። ይህንን ወደ 0.1 ለማውረድ ብርሃኑ መቶ ሚሊዮን ጊዜ መቀነስ አለበት፤ እያንዳንዳቸው አሥር ሺህ ጊዜ የሚቀንሱ ሁለት ማጣሪያዎች ይበቃሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የደበዘዘ ሌዘር ፎቶኖቹን እንደ ዝናብ ጠብታ ያለ ሥርዓት ነው የሚልከው፤ አንዳንዴ ሁለት ይመጣሉ። ሁለቱ ዲቴክተሮች አብረው የሚጮኹበት ቁጥር በአጋጣሚ ከሚጠበቀው አይወርድም፤ ስለዚህ አንድ ፎቶን ነው ብሎ ለመማል አይቻልም። ግራንዢዬ፣ ሮዤና አስፔ በ1986 ፈረንሳይ ኦርሴ ውስጥ ይህንን የፈቱት ሁለት ፎቶን አከታትለው በሚለቁ የካልሲየም አተሞች ነው። የመጀመሪያው ፎቶን ሁለተኛው መምጣቱን ያበስራል፤ ዲቴክተሮቹ የሚጠበቁት ለዚያች ጥቂት ናኖሰከንድ ብቻ ነው። አብሮ መጮኹ ብርሃን ሞገድ ብቻ ቢሆን ከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን 0.18 ያህሉ ብቻ ሆነ።

እዚያው መልስ ውስጥ ምን እንደሚበላሽም ተጽፏል። የአንዱ መንገድ ርዝመት በ300 ናኖሜትር ገደማ ከተቀየረ ብሩሁና ጨለማው መውጫ ቦታ ይለዋወጣሉ። መለዋወጡ ቀስ ብሎ በደቂቃዎች ከሆነ ሙቀት ነው፤ እጅ ጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ እንኳ ይበቃል። ሁለቱም መውጫ ደብዝዞ እኩል ከሆነ ንዝረት ነው፤ በር ሲዘጋ የሚብስ ከሆነ ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግም። ይህንን ኮላፕስ ብሎ ለተማሪ ማስረዳት ግን ኃጢአት ነው ሲል መላሹ ጨመረ።

ከ6 እስከ 8 ያሉት መልሶች ወደ ቃል ክርክር ሄዱ። ደብተራው የሚባል ጸሐፊ ኮላፕስን ለምን መደርመስ አንለውም አለ። ሌላው መደርመስ የቆመ ግንብ መኖሩን አስቀድሞ ያስቆጥራል ብሎ ተቃወመ፤ መጥበብ ይሻላል አለ። ለእኔም መጥበብ ይሻለኛል፤ ብዙ ዕድል ወደ አንድ ጠበበ ቢባል ማንም ፍርስራሽ አይፈልግም። ደብተራው ዓለም የሚለው ቃልስ የባሰ አያሳስትም ወይ ሲል መለሰ። በዚህ እውነት አለው። ሐሳቡን ያመነጨው ሂው ኤቨረት በ1957 ሲጽፍ የተናገረው ስለ አንጻራዊ ሁኔታ ነበር፤ ዲቴክተሩ እንዲህ ካለ ፎቶኑ እንዲህ ነው የሚል ትስስር ማለት ነው። ብዙ ዓለማት የሚለውን ስም ያስፋፋው ብራይስ ዴዊት ነው፣ በ1970። ቃሉ አልተወሰነም፤ ክሩ በኮላፕስ ቀጠለ።

9ኛው መልስ ጥያቄውን ጨርሶ የሳተ ነው። ጸሐፊው በሌላ ቅርንጫፍ ዲቪ ሎተሪ የደረሰኝ እኔ አለሁ ወይ አለ፤ ካለስ እዚህ ያለሁት የምጽናናው በምንድን ነው አለ። 10ኛው መልስ ቀልዱን አልወደደውም። ሥርወ የሚባለው ይህ መላሽ እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ እየተባባለ የቆየውን ክር አንተ ወደሚለው አወረደው። ይዘቱ ግን ትክክል ነበር፦ በአእምሮ የሚታሰብ ነገር ሁሉ ቅርንጫፍ የለውም፤ ያለው ከመነሻው ሁኔታ በሞገዱ እኩልታ መሠረት የሚወጣው ብቻ ነው። የሎተሪ ዕጣ የሚያወጣ ኮምፒዩተር ቁጥሩን በተወሰነ ስሌት ካመጣው እዚያ ቦታ ላይ የሚከፈል ነገር የለም። ጠያቂው መልስ መስጠትና መስደብ ይለያያሉ ብሎ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም።

በ11ኛው መልስ ሚዛን ራሱ ክሩን መለሰው። ፖላራይዜሽኑ ላይ የተጻፈው ከተፋቀ ታዲያ ኮላፕስ የሚሆነው የት ነው? የሒሳብ ሊቁ ፎን ኖይማን በ1932 ያሳየውን አስታወሰ፦ ልኬት ከዚህ ይጀምራል የሚለው መስመር ፎቶኑ ላይ ቢሰመር፣ ዲቴክተሩ ላይ ቢሰመር ወይም የሚያየው ሰው ላይ ቢሰመር የሚወጣው ዕድል አንድ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ኮላፕስ መስመሩን የት እንደሚያደርግ አይናገርም። ስለዚህ አንድ ሙከራ አንድን መዝገብ ፍቆ ቢያሳይ እንኳ ያ ገና ልኬት አልነበረም ይባላል፤ መስመሩም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይገፋል። እውነተኛ ልዩነት ለማየት የጮኸ ዲቴክተርን ከነመዝገቡ ወደነበረበት መመለስ ያስፈልጋል።

12ኛው መልስ፣ ኮምፓስ ከተባለ ጸሐፊ፣ ይህ በ2019 ኤዲንብራ ውስጥ ተሠርቷል አለ፤ ሁለት ታዛቢዎች የተለያየ እውነታ አዩ የሚል ዜና አንብቧል። ቀለም በ13ኛው መልስ እንደዚህ አቃናው። ሙከራው የሄሪየት ዋት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስድስት ፎቶኖች ነበሩት፣ ታዛቢ የተባሉትም ፎቶኖች ናቸው። የአንዱ ታዛቢ ማስታወሻ የአንድ ፎቶን ፖላራይዜሽን ነው፤ በ3ኛው መልስ ካለው ክሪስታል የተሻለ ትዝታ የለውም። ኮላፕስን የሚያምን ሰው እዚያ ልኬት አልተደረገም ብሎ ያልፈዋል፤ የብዙ ዓለማት ሰውም እንደጠበቀው አገኘው። ሙከራው የሚያስጨንቀው የጥቂት ግምቶችን ጥምረት ነው፦ ውጤት ለሁሉም አንድ ነው፣ ተጽዕኖ ከብርሃን ፈጥኖ አይሄድም፣ መራጩ በነጻነት ይመርጣል የሚሉት አብረው አይቆሙም። የትኛውን እንደሚጥሉ ግን ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምርጫ አላቸው።

ኮምፓስ ቅር ሳይለው ቀጥሎ ጠየቀ፦ ታዲያ የጮኸ ዲቴክተርን መመለስ ምን ያህል ነው የሚከብደው? 14ኛው የሥርወ መልስ ረጅም ነው፣ ድምፁም ረግቧል። ጨለማው መውጫ ጨለማ የሚሆነው ከሁለቱ መንገዶች የመጡ ሞገዶች ስለሚጠፋፉ ነው። አንድ የውጭ ቅንጣት መንገዱን በትንሹ ካወቀ መጠፋፋቱ በዚያው ልክ ይዳከማል። ቅንጣቱ በሁለቱ መንገዶች ምክንያት የሚደርስበት ለውጥ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሁለቱ ሁኔታዎቹ 0.99 ይመሳሰላሉ እንበል። አንድ ቅንጣት ብቻ ከሆነ ጉዳቱ አይታይም። አንድ ሺህ ከሆኑ ግን 0.99¹⁰⁰⁰ ነው፤ 0.00004 ገደማ። ዲቴክተር ውስጥ ፎቶኑ አንድ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፤ እሱ ሌላውን ገፍቶ እንደ ናዳ ይበዛል፣ ሙቀት ይወጣል፣ ሙቀቱ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፣ ከጠረጴዛው ወደ ክፍሉ ይጨረራል። ለመፋቅ እነዚህን ሁሉ አንድም ሳይቀር መሰብሰብ ያስፈልጋል። ሥርወ አበክሮ የጻፈው ቀጣዩን ነው፦ ይህ መዳከም በሁለቱም አመለካከት ውስጥ እኩል ይከሰታል። ስለዚህ መጠፋፋቱ ሲጠፋ ያየ ሰው ኮላፕስን አየሁ ማለት አይችልም። ዲኮሄረንስ የሚባለው ይህ መዳከም ችግሩን ፈታው የሚሉም ተሳስተዋል፤ ቅርንጫፎቹ ለምን እንደማይገናኙ ነገረን እንጂ አንዱ ብቻ ይኑር ወይስ ሁለቱም አልነገረንም።

15ኛው መልስ አዲስ ሰው አመጣ፣ ጠጠር ይባላል፤ እስካሁን የተባለው ሁሉ ለመማሪያ መጽሐፉ ኮላፕስ ብቻ ነው የሚሠራው አለ። በ1986 ጊራርዲ፣ ሪሚኒና ቬበር ኮላፕስን ራሱን የተፈጥሮ ክስተት አድርገው ጽፈውታል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ማንም ሳይለካው በራሱ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይጠብባል። መጠኑ በሰከንድ 10⁻¹⁶ ነው፤ ለአንድ ቅንጣት በአማካይ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ አንዴ ማለት ነው። የሚጠብበት ስፋት 100 ናኖሜትር ነው። 10²³ ቅንጣት ያለውን ጠቋሚ መርፌ ግን መጥበቡ በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ይመታዋል፤ ሁለት ቦታ ሆኖ የሚቆየው ከአንድ ማይክሮሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ይህኛው ኮላፕስ እኩልታውን ስለሚለውጥ ከብዙ ዓለማት የተለየ ቁጥር ይሰጣል። ልዩነቱ አለ፤ ገና አልተደረሰበትም እንጂ።

የጣና ልጅ በ16ኛው መልስ ተመለሰ። እንግዲያው የቪየና ተመራማሪዎች በ2019 ከ25,000 የአተም ክብደት አሃድ በላይ የሆኑ ሞለኪውሎችን እንደ ሞገድ ስላስኬዱ ኮላፕስ ውድቅ ሆነ አለ። ጠጠር በ17ኛው መልስ ሂሳቡን ሠራለት። ሞለኪውሉ ከ100 ናኖሜትር በጣም ስለሚያንስ፣ ሞዴሉ በኋላ በተሻሻለበት መልኩ ቅንጣቶቹ ተባብረው ይመታሉ፤ መጠኑም በቁጥራቸው ካሬ ያድጋል። 25,000 ሲካረር 6×10⁸ ገደማ ነው። በ10⁻¹⁶ ሲባዛ በሰከንድ 6×10⁻⁸ ይሆናል። ሞለኪውሉ የ2 ሜትሩን መሣሪያ ለማለፍ ከሰከንድ መቶኛ በታች ይበቃዋል። ስለዚህ ከቢሊዮን ሞለኪውል አንዱም ላይመታ ይችላል፤ ሞዴሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ምስሉ ላይ ምንም አይታይም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን አድለር ግን በ2007 መጠኑ 10⁻⁸ አካባቢ መሆን አለበት ብሎ ነበር። በዚያ ቁጥር መምታቱ ከመቶ ጥቂት ይደርሳል፤ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች የሚቆርሱት ከዚህኛው ጫፍ ነው። በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር በጀርማኒየም ዲቴክተር የተሠራውና በ2020 የወጣው ሥራም ስበት ያመጣዋል የሚባለውን ኮላፕስ ቀላሉን ዓይነት ጥሎታል። የሚንቀጠቀጡ ቻርጆች ሊያወጡት የሚገባው ጨረር አልታየም። ቀላሉን ዓይነት እንጂ ሐሳቡን በሙሉ አይደለም።

ጠጠር ቀጥሎ የጻፈው ለሚዛን ጥያቄ ከሁሉም የቀረበ መልስ ይመስለኛል። አንድ ቤተ ሙከራ የሞገዱ ምስል ከሚጠበቀው በላይ ደብዝዞ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀረ አየርና ሙቀት ነው። ስለዚህ የአየሩን ግፊት ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያደረጉ ይለካሉ፣ ሙቀቱንም እንዲሁ፤ ከዚያ መስመሩን ወደ ዜሮ ግፊት ያስረዝማሉ። እዚያ ላይ ምንም ካልተረፈ የኮላፕሱ መጠን ከዚህ በታች ነው የሚል ገደብ ይጻፋል፤ ብዙ ዓለማት እውነት ነው የሚል አይጻፍም። ያልተነካው የመማሪያ መጽሐፉ ኮላፕስ አለ፤ ያለ ኮላፕስ አንድ ዓለም ብቻ የሚለው የፊዚክስ ሊቁ የዴቪድ ቦም አመለካከትም አለ። የሆነ ነገር ከተረፈ ደግሞ ያልታሰበ ንዝረት ሊሆን ይችላል። ትርፉ በክብደትና በጊዜ ሞዴሉ እንደሚለው ሲያድግ ካልታየ ማንም አያምነውም።

18ኛው መልስ ክሩን አሞቀው። ጸሐፊው ልጓም ይባላል፤ ብዙ ዓለማትን ለመጣል ዲቴክተር መፍታት አያስፈልግም፣ መስታወቱን መቀየር ይበቃል አለ። 90 በመቶ የሚያሳልፍ መስታወት ይሁን። በየፎቶኑ ሁለት ቅርንጫፍ ካለ ከ100 ፎቶን በኋላ 2¹⁰⁰ ቅርንጫፎች አሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ያለፈውን የሚቆጥሩት 50 አካባቢ ነው፤ 80ና ከዚያ በላይ የሚቆጥሩት ከቢሊዮን አንድ አይሞሉም። እኛ ግን ሁልጊዜ 90 አካባቢ ነው የምናየው። ሥርወ በ19ኛው መልስ ተቆጣ፦ ቅርንጫፍ የሚቆጥር ኤቨረታዊ ገለባ ነው፣ አንተ ራስህ አቁመህ ራስህ ጣልከው አለ። ዲኮሄረንስ ቅርንጫፎችን በቁጥር አይከፍልም፤ ስንት ናቸው ቢባል የተወሰነ መልስ የለም። ያለው ክብደት ነው፣ የአምፕሊቱዱ፣ ማለትም የሞገዱ ከፍታ፣ ካሬ፤ በዚያ ሲመዘን 90ዎቹ ናቸው የሚከብዱት። ዴቪድ ዶይች በ1999፣ ከዚያም ዴቪድ ዋላስ፣ አስተዋይ ሰው ለምን በዚያ ክብደት መወራረድ እንዳለበት ከውሳኔ አሰጣጥ ደንቦች ለማውጣት ሞክረዋል።

ልጓም በ20ኛው መልስ የማይገባኝ እሱ ነው አለ። ሁሉም ውጤት የሚሆን ከሆነ ዕድል ማለት የምን ዕድል ነው? ደንቦቹስ የሚፈለገውን መልስ አስቀድመው አልያዙም ወይ? ይህንን ነቀፋ በሙያው ያሉ ሰዎችም ያነሱታል፤ ሥርወ ሙሉ መልስ አልሰጠም። የሰጠው ማጥቂያ ነበር፦ የኮላፕሱ ወገን ይህንኑ ካሬ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደ ሕግ ይጽፈዋል፣ ማንም ከየት አመጣህ አይለውም። ከዚያ ሁለት መስመር ስድብ ተለዋወጡና አወያዩ ሰረዘው። የ90 በመቶው መስታወት እንዳለ ቀረ።

21ኛው መልስ የሌንስ ነው። የአንድ ፎቶኑን ሐሳብ ትቶታል፤ በደማቅ ሌዘር መፋቁን ብቻ ማሳየት ይቻላል ወይ አለ፤ ሠርቶት ማጣሪያው ቢዞርም ምንም አልተመለሰም። ቀለም በ22ኛው መልስ ስህተቱን በአንድ ጥያቄ አገኘው፦ ሌዘሩ ፊት ምን አለ? ርካሽ ሌዘር ፖላራይዜሽኑ ያልረጋ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ የአግድምና የቁም ክፍሎቹ ቋሚ ትስስር የላቸውም፣ መጨረሻ ላይ ያለው ማጣሪያ የሚያገናኘው ነገር አያገኝም። ከመጀመሪያው መስታወት በፊት አንድ ፖላራይዘር በ45 ዲግሪ ይቀመጥ፣ በአንዱ መንገድ ላይ በአግድም የቆመ፣ በሌላው በቁም የቆመ፣ ከመውጫው በኋላ ደግሞ የሚዞር አራተኛ። ይህ ሞገድን እንጂ ፎቶንን አያሳይም፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ ማጣሪያውን ከማዞራቸው በፊት ሁለቱ አመለካከቶች የትኛው መውጫ ይበራል እንደሚሉ በሁለት ዓምድ ይጻፉ፣ ዓምዶቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሲያገኟቸው ነው ጥያቄው የሚጀምረው አለው።